የቅጥር ደብዳቤ ሰጥተን ማጣሪያው ላይ ወደቀ፤ እንዴት አድርጌ ልጻፍለት?

ጥያቄ፦ የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የእህል ጅምላ ንግድ ድርጅት ውስጥ ነው። ቅጥሩን የማስፈጽመው እኔ ነኝ። ለመጋዘናችን ስቶር ኪፐር ፈልገን ማስታወቂያ አወጣን። መስፈርቱ በሙያው ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራ የሚል ነበር። አንድ ልጅ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም በደንብ አለፈ። ሐምሌ 3 የቅጥር ደብዳቤ ሰጠነው፤ ነሐሴ 5 ሥራ ይጀምራል። ደብዳቤው ላይ «የቀረቡት ማስረጃዎች ተጣርተው ትክክል ሆነው ሲገኙ» የሚል አለበት። አሁን ፍኖተ ሰላም ሱቅ ውስጥ በሽያጭ ይሠራል። የልምድ ደብዳቤው ቢቸና በሚገኝ ድርጅት ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2015 ስቶር ኪፐር ነበር ይላል። እዚያ ስደውል ያነሣው ሰው ግን «እኔ የማውቀው ከ2014 ጀምሮ ነው» አለኝ። ባለቤቱ «በቃ፣ ተወው በለው» ብለውኛል። የልጁ ቤተሰቦች የማውቃቸው ናቸው፤ ተያዥ የሆነው አጎቱም ደንበኛችን ነው። «በበጀት ምክንያት» ብዬ ልጻፍለት? «ሌላ ቦታ ሲከፈት እንጠራሃለን» ብልስ? ሰውም ሳላስቀይም፣ ውሸትም ሳልጽፍ እንዴት ላድርገው?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ስለ ደብዳቤው ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። ለልጁ ይደውሉለትና «ከሥራህ የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገብተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

ይህን ያስቀደምኩት የቀኑ ስሌት ስላስጨነቀኝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራውን በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ነሐሴ 5 እርስዎ ዘንድ ለመግባት ያሰበ ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው ሐምሌ 5 አካባቢ ነው። ምናልባት አስገብቷል፤ ምናልባት አሠሪው ስላልተመቸው አዘግይቶት ዛሬ ወይም ነገ ሊሰጥ ነው። እርስዎ ደብዳቤውን እያሳመሩ ሦስት ቀን ቢቆዩ፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ልጁ እንጀራውን በገዛ እጁ ሊዘጋ ይችላል።

ስልኩ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። እንዲህ ይበሉት፦ «የልምድ ማስረጃህን እያጣራን ነው፤ አልጨረስንም። አንድ ያልተጣጣመ ነገር ስላገኘን በጽሑፍ እንጠይቅሃለን። ውሳኔው እስኪነገርህ ድረስ አሁን ያለህን ሥራ አትልቀቅ። አስገብተህ ከሆነ ግን ንገረኝ።» እዚህ ላይ ያቁሙ። «አይዞህ፣ ይስተካከላል» አይበሉት፤ መስተካከሉን እርስዎም አያውቁም። «ያው አልቋል» ማለትም አይገባም፤ ገና አላለቀም። አስገብቻለሁ ካለዎት ቀኑን ይመዝግቡና ለባለቤቱ ይንገሩ። ነገሩ ከበድ ይላል፤ ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ስልኩ ንግግር እንምጣ። ያ ሰው ያለዎትን ቃል በቃል ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። «እኔ የማውቀው ከ2014 ጀምሮ ነው» አለ። ልጁ ከ2014 በፊት አልሠራም አላለም። ማን እንደሆነም አልነገሩኝም። በ2014 የተቀጠረ የሒሳብ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ በዚያ ዓመት ከግለሰብ ንግድ ፈቃድ ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ተቀይሮ፣ የአዲሱ ደመወዝ መክፈያ ሰነድ የሚጀምረው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ይህ በንግዱ ዓለም በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። ባለቤቱ ያው፣ መጋዘኑ ያው፣ ሠራተኛውም ያው ሆኖ ወረቀቱ ብቻ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ማጣራት ሦስት ዓይነት መልስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው «አዎ፣ ትክክል ነው»። ሌላው «ማረጋገጥ አልቻልንም»። ሦስተኛው «አይ፣ ሐሰት ነው»። ብዙ አሠሪዎች መካከለኛውን እንደ ሦስተኛው ይወስዱታል። በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አንዳንድ ቢሮም ለወራት ሳይከፈት ሲቀር አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ መልስ ማጣትን እንደ ሐሰት ቆጥሮ ሰው መጣል ከባድ በደል ነው። የእርስዎ ጉዳይ እስካሁን መካከለኛው ላይ ነው ያለው። በዚህ መረጃ ብቻ ደብዳቤውን መሰረዝ አይገባዎትም።

ስለዚህ ቢቸና ላለው ድርጅት አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። በቴሌግራም ማኅተም ያለበት ፎቶ ቢልኩልዎትም ይበቃል። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሠራተኛው ከመቼ እስከ መቼ ሠራ፣ በምን የሥራ መደብ፣ የተያያዘውን የልምድ ደብዳቤ እናንተ ናችሁ ወይ የጻፋችሁት። የልምድ ደብዳቤውን ቅጂ አያይዘው ይላኩ። «ጠባዩ እንዴት ነበር? ለምን ለቀቀ?» ወደሚለው አይግቡ። እዚያ ከገቡ ቂም ያለው አለቃ የልቡን ይነግርዎታል፤ እርስዎም ማጣራት የማይችሉት ወሬ ይዘው ይቀራሉ።

ደብዳቤውን እንደገና ሲያዩ «የሥራ ግብር እየተቆረጠ ገቢ ሲደረግ ነበር» የሚል አረፍተ ነገር መኖሩን ይመልከቱ። የግል ድርጅት የልምድ ደብዳቤ ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ይጻፋል። ከተጻፈ፣ በ2012 እና በ2013 ግብሩም ጡረታውም በስሙ የተቆረጠበት ወረቀት ይኖራል ማለት ነው፤ ልጁ ሊያመጣው ይችላል። ካልተጻፈ ግን ምንም አያረጋግጥም። በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ መዝገብ ላይ አይገባም።

የዘመን አቆጣጠሩንም አይርሱ። ልጁ በእንግሊዝኛ የጻፈው ሲቪ ካለ ያውጡት። የእኛ መስከረም 2012 በፈረንጆቹ 2019 ነው፤ ሰኔ 2015 ደግሞ 2023 ነው። በአቆጣጠር መደበላለቅ የሚመጣ ልዩነት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ነው። የእርስዎ ልዩነት ሁለት ዓመት ስለሆነ በዚህ አይገለጽም። አንዱን ምክንያት ከመንገድ አስወገድን ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ልጁን በጽሑፍ ይጠይቁት። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

*ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ*

*ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጠንዎት የቅጥር ደብዳቤ መሠረት ያቀረቧቸውን ማስረጃዎች እያጣራን እንገኛለን። ያቀረቡት የሥራ ልምድ ማስረጃ ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. በስቶር ኪፐርነት መሥራትዎን ይገልጻል። እስካሁን ከድርጅቱ ያገኘነው መረጃ ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ጊዜ ብቻ የሚመለከት ነው። በዚህ ላይ ያለዎትን ማብራሪያና ማስረጃ እስከ ሐምሌ 21 ቀን እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። ውሳኔ የምንሰጠው መልስዎን ካየን በኋላ ነው።*

ሰባት ቀን ያህል ይስጡት። ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው ሥራ አስፈቅዶ ቢቸና ድረስ ሄዶ ወረቀት አስጽፎ መምጣት አለበት፤ በሁለት ቀን የሚሆን አይደለም። መንገዱ አስቸጋሪ ከሆነና ጊዜ ከጠየቀ ይጨምሩለት፤ የሥራ መጀመሪያውንም ቀን ያራዝሙ። ሰባት ቀን ሕግ አይደለም፤ እኔ በቂ ነው ብዬ የምገምተው ነው። አሜሪካ ውስጥ አሠሪው በማጣሪያ ድርጅት በኩል ባገኘው ሪፖርት ሰው ላለመቅጠር ሲያስብ፣ ከመወሰኑ በፊት ሪፖርቱን ለሰውዬው እንዲሰጠው በሕግ ይገደዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስህተቱን ቀድሞ የሚያየው ባለቤቱ ነው። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ያገኙትን መረጃ ለልጁ ማሳየት ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ መረጃው የእሱ ነው።

እንግዲህ መልሱ ሲመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል እናስብ።

ልጁ «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያው መጋዘን ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ነበር የሠራሁት፤ ከ2014 በኋላ ነው ስቶሩን የያዝኩት። ደብዳቤውን ሲጽፉልኝ አንድ ላይ አደረጉት» ሊል ይችላል። ቢቸናም ይህንኑ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ከፊትዎ ያለው አጭበርባሪ ሳይሆን በአግባቡ ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው። ኩንታል ሲያወርድ፣ ሲቆጥር፣ ሚዛን ሲይዝ የቆየ ሰው ነው። ቢን ካርድ የሞላው ግን ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። መስፈርታችሁ ሦስት ዓመት ስለነበር አልተሟላም ማለት ትችላላችሁ። ደግሞም ፈተናውን በደንብ አልፏልና ባለቤቱን «መስፈርቱን ዝቅ አድርገን እንቀበለው?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። እኔ ብሆን እጠይቃለሁ። ግን ሌሎች ሁለት ዓመት ብቻ የሠሩ አመልካቾች በዚሁ መስፈርት ተመልሰው ከሆነ ለእሱ ብቻ በሩን መክፈት ደግሞ እነሱን መበደል ነው። ይህንን እርስዎ ያውቁታል።

ወይም ልጁ መልስ ላይሰጥ ይችላል። ወይም መልሱ ምንም ማስረጃ ሳይኖረው ይመጣና ቢቸና «በመዝገባችን ያለው ከመስከረም 2014 ጀምሮ ብቻ ነው» ብሎ በማኅተም ይልክልዎታል። ወይም ደግሞ «ይህን ደብዳቤ አልጻፍነውም» ይላል። በነዚህ ሁኔታዎች ባለቤቱ ያሉት ትክክል ይሆናል፤ ደብዳቤው ይሰረዛል። የሚጻፈው ቃል ግን እንደ ሁኔታው ይለያያል።

መዝገቡ ከ2014 በፊት ያለውን ባላረጋገጠበት ሁኔታ እንዲህ እጽፋለሁ፦

*ጉዳዩ፦ የቅጥር ደብዳቤን ስለመሰረዝ*

*ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በስቶር ኪፐር የሥራ መደብ የሰጠንዎት የቅጥር ደብዳቤ፣ ያቀረቧቸው ማስረጃዎች ተጣርተው ትክክል ሆነው ሲገኙ የሚጸና መሆኑን ይገልጻል። የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ የሚጠቅስ ሲሆን፣ ድርጅቱ ሐምሌ 18 ቀን በጽሑፍ የሰጠን መልስ ግን ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ብቻ ያረጋግጣል። ሐምሌ 21 ቀን የሰጡንን ማብራሪያ ተመልክተናል። በቀረበው ማስረጃ ለመደቡ የተጠየቀውን የሦስት ዓመት ልምድ ማረጋገጥ አልቻልንም። በመሆኑም በደብዳቤው የተቀመጠው ሁኔታ ስላልተሟላ የቅጥር ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ የተሰረዘ መሆኑን እናሳውቃለን።*

*የያዝነው መረጃ ስህተት አለው ብለው ካመኑ ማስረጃዎን በጽሑፍ ቢያቀርቡ ተቀብለን ከፋይልዎ ጋር እናያይዛለን። ይህ ግን መደቡን ክፍት አድርገን እንጠብቃለን ማለት አይደለም። ያቀረቧቸው ዋና ሰነዶችና የተያዥዎ የዋስትና ሰነድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመላሽ ተደርገዋል። ለፈተናውና ለቃለ መጠይቁ ስለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን።*

ይህ ደብዳቤ ስለ ልጁ ጠባይ አንድም ቃል እንደሌለው ይመልከቱ። «አታለውናል»፣ «ታማኝነትዎን አጥተናል»፣ «ፎርጅድ ማስረጃ» የሚሉት የሉም። ሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም ወንጀል ነው። አንድ ሰው ያን አድርጓል ብሎ የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ የሰው ኃይል ክፍል አይደለም። እርስዎ የሚያውቁት ሁለት ወረቀት አለመጣጣሙን ነው፤ እሱን ይጽፋሉ። ቢቸና «አልጻፍነውም» ብሎ ቢልክልዎት እንኳ አረፍተ ነገሩ «ማስረጃውን ሰጥቷል የተባለው ድርጅት አለመስጠቱን በጽሑፍ ገልጾልናል» የሚል ይሆናል። የተናገረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እርስዎ አልፈረዱም።

«ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚለውን የመረጥኩት ከነገሩ ልክ ስለማያልፍ ነው። «አልሠሩም» ብለው ቢጽፉና ልጁ ነገ የ2012 የደመወዝ ፔሮል ቅጂ ይዞ ቢመጣ፣ ደብዳቤዎ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። «ማረጋገጥ አልቻልንም» ግን ያን ቀን እውነት ነበር፤ ወደፊትም እውነት እንደሆነ ይቆያል።

ስለ በጀቱ። እባክዎ አይጻፉት። ለሰውየው ክብር ብለው እንዳሰቡት ይገባኛል፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ቦታው ባዶ ነው፤ እህሉ እየገባ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ማስታወቂያ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ መልሰው ይለጥፋሉ። አጎቱ ጤፍ ሊጭን ሲመጣ ያነበዋል። ልጁም «በጀት የለም ብለውኝ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነው» ይላል፤ ከዚያ የሚጠረጥረው ሁሉ ከእውነቱ የባሰ ይሆናል። «በትውልድ ቦታዬ ነው፣ በሃይማኖቴ ነው» ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። እንዲህ ያለ አድልዎ በአዋጁ የተከለከለ ስለሆነ ክስ ቢመጣም እርስዎ እጅ ላይ ያለው ወረቀት «በጀት» ይላል፤ በቃል የሚናገሩት ደግሞ «ልምድ»። ከዚህም በላይ ልጁ ራሱ ይጎዳል። የልምድ ደብዳቤው ችግር እንዳለበት ካልነገሩት ያንኑ ወረቀት ይዞ ቡሬ ይሄዳል፣ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ በሄደበት ሁሉ ይመለሳል። ንጹሕ ከሆነ ቢቸና ሄዶ ማስተካከል ይችል ነበር።

«ሌላ ቦታ ሲከፈት እንጠራሃለን» የሚለውም እንዲሁ ነው። እርስዎ ለማጽናናት ይሉታል፤ ሥራ የቸገረው ሰው ግን ቀጠሮ አድርጎ ይይዘዋል። ስልኩን እያየ ይከርማል። ሌላ ዕድል ሲመጣ «ማርቆስ ሊጠሩኝ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ባለቤቱ «ተወው በለው» እንዳሉ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቋቸው፦ «ይህ ልጅ ሌላ መደብ ላይ፣ ልምድ የማይጠየቅበት ቦታ ላይ ቢያመለክት ይታያል?» መልሳቸው አዎ ከሆነ አንድ አረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል፦ «ይህ ውሳኔ ወደፊት በምናወጣቸው ማስታወቂያዎች እንደማንኛውም አመልካች ከመወዳደር አያግድዎትም።» ይህ የመወዳደር መብት ነው፤ የመጠራት ተስፋ አይደለም። መልሳቸው አይ ከሆነ አረፍተ ነገሩ አይግባ። ዝም ማለት ይሻላል።

ቀደም ብዬ ከበድ ይላል ያልኩት ነገር ይኸውና። ልጁ ደብዳቤያችሁን አምኖ ሥራውን ለቅቆ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከደብዳቤ አጻጻፍ ያልፋል። በአዋጁ የሥራ ውል የግድ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ውል ሊባል የሚችልበት መንገድ አለ። የሚያድናችሁ «ተጣርተው ትክክል ሆነው ሲገኙ» የምትለው ሐረግ ናት። እሷም የምትሠራው በትክክል የተጣራ ነገር ሲኖር ነው። በአንድ ስልክ ጥሪ ብቻ ከሰረዛችሁ ልጁ «ሁኔታው አልተሟላም ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የላችሁም። ሥራ ለቅቆ ከሆነ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ፋይሉን ለጠበቃ ያሳዩ። ፍኖተ ሰላም ያለው አሠሪው ማመልከቻውን እንዲመልስለት ጊዜ ካለ፣ ልጁ ቶሎ እንዲጠይቅ ይንገሩት። ካሳ እንከፍልሃለን ወይም አንከፍልህም የሚል ቃል ግን ከእርስዎ አፍ አይውጣ፤ ሥልጣኑ የባለቤቱ ነው።

ባለቤቱ ምናልባት «ይግባና በሙከራው ጊዜ እናሰናብተዋለን» ሊሉ ይችላሉ። ይህን ሐሳብ ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው የማይመጥንን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ያ የተቀመጠው ግን በሥራው ላይ የታየን ብቃት ለመመዘን ነው። እንደማትይዙት እያወቃችሁ ሰውን ከሥራው አስለቅቆ ማስገባት በደል ነው። እሳቸውን ለማሳመን ይህ ካልበቃ ቁልፉን ያስቡ፤ ሊያሰናብቱት ለወሰኑት ሰው የመጋዘን ቁልፍ ሊሰጡ ነው።

ደብዳቤውን በሰው እጅ አይላኩት። ልጁን ይጥሩትና ራስዎ ይስጡት፤ መምጣት ካልቻለ ቀድመው ይደውሉለትና ከዚያ ይላኩለት። ቁጭ ብሎ ያንብበው። ካለቀሰ ወይም ከተቆጣ ይስሙት። «እኔ ብሆን እቀጥርህ ነበር፣ ባለቤቱ ናቸው» አይበሉት። ለራስዎ ይቀልልዎታል እንጂ ለእሱ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ አጎቱም ነገ ባለቤቱን ሊለምን ይመጣል። «የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ሌላ ምክንያት የለም» ማለት ይበቃል። ይህም እውነት ሲሆን ብቻ ነው የሚባለው።

አጎቱ መጠየቁ አይቀርም። ተያዥ ስለሆነ የማወቅ መብት ያለው የሚመስለኝ አንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም ዋስትናው መነሣቱ ነው። የፈረመበት ሰነድ እንደተመለሰና ከዚህ በኋላ ምንም ኃላፊነት እንደሌለበት ይንገሩት። ቅጂ ካስቀራችሁ «የተመለሰ» ብላችሁ ጻፉበት። ምክንያቱን ሲጠይቅ «ለልጁ በደብዳቤ ገልጸንለታል፤ እሱ ይንገርዎት» ይበሉ። እንዲህ ባለ ከተማ «የልምድ ወረቀቱ ችግር አለበት» የምትል ቃል ከእህል ሚዛኑ አጠገብ ከተነገረች ማታ ዕድር ላይ «ሌባ ነው» ሆና ትደርሳለች። መጋዘን ውስጥ ያሉት ሠራተኞችም ቢጠይቁ «ቅጥሩ አልተፈጸመም» ብቻ ነው መልሱ። ደብዳቤውን ግልባጭ የምታደርጉት ለግል ማኅደሩ ብቻ ይሁን፤ እንደ ልማዱ ለፋይናንስ፣ ለመጋዘን፣ ለጥበቃ እያላችሁ አትበትኑት።

ፋይሉ ውስጥ የቢቸናን የጽሑፍ መልስ፣ የልጁን ማብራሪያ፣ ሁለቱን ደብዳቤዎችና የተረከበበትን ፊርማ ያስቀምጡ። የደወሉበትን ቀንና ያ ሰው ያለዎትንም ቃል ሳይረሱት ዛሬ ይጻፉት።

አንድ የቀረኝ ለሚቀጥለው ሰው የሚሆን ነው። ቃለ መጠይቁን ያለፈውን ሰው መጀመሪያ ያጣሩ፤ ደብዳቤውን ከዚያ ይስጡ። «ፈተናውን አልፈዋል፤ ማስረጃዎ እስኪጣራ የቅጥር ደብዳቤ አልተሰጠዎትም፤ አሁን ያለዎትን ሥራ እንዳይለቁ» ብሎ ማሳወቅ አንድ መስመር ነው። ማጣሪያው ያለቀ ዕለት ደብዳቤውን ይስጡት፤ የመጀመሪያውንም የሥራ ቀን ከዚያ በኋላ ቢያንስ 35 ቀን አርቀው ይቁረጡ። ያኔ የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው እርስዎ ጨርሰው ካረጋገጡ በኋላ ይሆናል።